የቻርጀሩ ዋት ፍጆታውን አይነግርም

ባለ 20 ዋት የስልክ ቻርጀር ከባለ 10 ዋቱ እጥፍ ኤሌክትሪክ ይበላል ብለው የሚሰጉ ከሆነ፣ ከቻርጀሩ ይልቅ የባትሪውን ጽሑፍ ይመልከቱ። ዋት ኢነርጂ የሚተላለፍበት ፍጥነት ሲሆን፣ ዋት-ሰዓት ደግሞ በዚያ ፍጥነት የተላለፈው ኢነርጂ ጠቅላላ መጠን ነው፤ ቆጣሪም የሚመዘግበው ይህንኑ ነው።

ባትሪው 5,000 ሚሊአምፔር-ሰዓት እና 3.85 ቮልት የሚል ከሆነ፣ 5 አምፔር-ሰዓት በ3.85 ሲባዛ 19 ዋት-ሰዓት ገደማ ይሆናል። ከባዶ ለመሙላት፣ በሙቀት መልክ የሚባክነው ሲታከልበት፣ ከሶኬቱ ከ19 በላይ ምናልባትም 25 ዋት-ሰዓት ያህል ይወጣል፤ ይኸውም ከአንድ ኪሎዋት-ሰዓት አርባኛው እጅ ብቻ ነው። ፈጣኑ ቻርጀር ይህንኑ መጠን ባጠረ ጊዜ ያደርሳል እንጂ ፍጆታውን እጥፍ አያደርገውም።

ሆኖም 19ን ለ20 አካፍሎ «በአንድ ሰዓት ይሞላል» ማለት አያስኬድም፤ የሚቀበለውን ዋት የሚወስነው ስልኩ ራሱ ነው፣ ባትሪው ሊሞላ ሲቃረብም ሆን ብሎ ይቀንሰዋል። የመጨረሻዎቹ ጥቂት ፐርሰንቶች የሚጓተቱትም በዚህ ምክንያት ስለሆነ፣ ቻርጀሩ ተበላሽቷል ብለው አይቸኩሉ።