ናፍጣና ውሃ ያለበት ታንከር፦ የታችኛው ግፊት አልገጥም ሲል (ችግርና መፍትሄ)

አንድ ታንከር ይዘን በሱ ብቻ እንሂድ። የቆመ የናፍጣ ታንከር ነው፣ መተንፈሻው ክፍት ነው፣ ከስር ውሃ አጠራቅሟል፣ ዝናብ በክዳኑ ሲገባ ወይም የአየሩ እርጥበት ግድግዳው ላይ ጤዛ እየሆነ ሲወርድ የሚያጋጥም ነገር ነው። ውሃው 0.5 ሜትር፣ ከላዩ የተኛው ናፍጣ 1.5 ሜትር፣ ድምሩ 2 ሜትር። የውሃ ዴንሲቲ 1000፣ የናፍጣ 840 ኪሎግራም በሜትር ኩብ እንበል (ናፍጣ እንደ አይነቱና እንደ ሙቀቱ ትንሽ ከፍ ዝቅ ይላል)፣ g ደሞ 9.8።

```
P = ρ₁·g·h₁ + ρ₂·g·h₂
  = 840·9.8·1.5 + 1000·9.8·0.5
  = 12348 + 4900
  = 17248 Pa
```

በቃ 17.25 ኪሎፓስካል ገደማ ነው። ናፍጣው ውሃውን ይጫናል፣ ውሃው ደሞ የራሱን ጨምሮ ወለሉን ይጫናል፣ ስለዚ መደመር ነው። የመጣልህ ቁጥር ከዚህ ከራቀ ግን ቁጥሩ ራሱ የት ጋ እንደሳትክ ይነግርሃል፣ እስቲ አንድ በአንድ እንያቸው።

31.9 ኪሎፓስካል ወጣ

ይሄ በጣም የተለመደው ነው። ለናፍጣው 1.5 ተጠቅመህ ለውሃው 2 ሜትር አስገብተሃል ማለት ነው፣ 12348 ሲደመር 19600። ምክንያቱ ግልፅ ነው፣ አንድ ፈሳሽ ብቻ ሲሆን h የሚለካው ከላይኛው ፊት እስከ ወለሉ ነው ተብለን ስለተማርን እጃችን ለውሃውም ያንኑ ይፅፋል። እዚህ ግን የላይኛው 1.5 ሜትር በናፍጣው ስም ተቆጥሮ አልቋል፣ ድጋሚ በውሃ ስም ከቆጠርከው የሌለ ውሃ ጨመርክ። እያንዳንዱ h የዛ ፈሳሽ የራሱ ውፍረት ብቻ ነው። ማረጋገጫው ቀላል ነው፣ ያስገባሃቸው h-ዎች ሲደመሩ የፈሳሹን ጠቅላላ ከፍታ መስጠት አለባቸው። 1.5 ሲደመር 2 ደግሞ 3.5 ነው፣ ታንከሩ ውስጥ ያለው ፈሳሽ 2 ሜትር ብቻ ሆኖ!

ሌላም መልስህ ሊያልፈው የማይችል ወሰን አለ፣ ወለሉ ላይ 2 ሜትር ንፁህ ናፍጣ ቢሆን 16.5፣ 2 ሜትር ንፁህ ውሃ ቢሆን 19.6 ነው። መልስህ ከነዚህ ሁለቱ መሀል ካልወደቀ ሌላ ነገር ሳትመረምር ወደ h ተመለስ።

18.03 ወጣ፣ ቅርብ ነው ግን ልክ አይደለም

ይሄኛው የባሰ አታላይ ነው ምክንያቱም መሀል ላይ ስለሚወድቅ ቅድም ያልኩትን ፈተና ያልፋል። የሁለቱን ዴንሲቲ ደምረህ ለሁለት አካፍለሃል፣ 920 አግኝተህ በ2 ሜትር አባዝተሃል። አማካይ መውሰድ በራሱ ሀጢአት የለውም፣ ችግሩ ናፍጣው የውሃውን 3 እጥፍ ውፍረት ይዞ እኩል ድምፅ መስጠትህ ነው። በውፍረታቸው ልክ ብታማክላቸው 840·1.5 ሲደመር 1000·0.5፣ ለ2 ሲካፈል 880 ይሆናል፣ 880·9.8·2 ደሞ ያው 17248።

እዚህ ጋ ብዙ ሰው ሳያስተውለው የሚያልፈው ነገር አለ፣ የሚማከለው በሜትር እንጂ በሊትር አይደለም። በቆመ ታንከር ሁለቱ አንድ አይነት ውጤት ስለሚሰጡ ልዩነቱ አይታይም። ማደያዎች ከመሬት ስር የሚቀብሩት የተጋደመ ሲሊንደር ላይ ግን ይለያያል፦ ዲያሜትሩ 2 ሜትር ሆኖ ሙሉ ከሆነና 0.5 ሜትር ውሃ ከስር ካለ፣ ውሃው ከከፍታው ሩቡ ነው፣ በሊትር ግን ታችኛው ስለሚጠብ 20 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። በሊትር ካማከልክ 17.1 ይወጣል፣ ትክክለኛው አሁንም 17.25 ነው። ወለሉ ላይ ያለው ግፊት የታንከሩን ቅርፅም ስፋትም አይጠይቅም፣ ቀጥታ ወደ ላይ ያለውን ከፍታ ብቻ ነው የሚያየው።

118 ወጣ፣ ጌጁ ግን 17 ነው የሚያሳየው

የአየሩን ግፊት ደምረሃል። ተራ ጌጅ ከውጪው አየር በላይ ያለውን ብቻ ነው የሚያሳየው፣ ስለዚ ከሱ ጋር የምታወዳድር ከሆነ የአየሩን ተወው። ጥያቄው ጠቅላላ ግፊት ካለ ግን ይደመራል፣ እሱም ቢሆን 101.3 የባህር ጠለል ቁጥር ነው፣ ለጅቡቲ ወደብ ይሆናል፣ አዲስ አበባ ላይ 76 ገደማ ስለሆነ ጠቅላላው 93 አካባቢ ነው እንጂ 118 አይደለም። (17.2 ፓስካል ብቻ ከወጣልህ ደሞ ዴንሲቲውን 0.84 እና 1 ብለህ አስገብተህ በ1000 ማባዛቱን ረስተሃል፣ ሌላ ሚስጥር የለውም።)

ስሌቱ ልክ ነው፣ ጌጁ ግን 16.3 ይላል

ጌጁ የት ነው የተገጠመው? ብዙ ጊዜ ዝቃጭ እንዳይደፍነው ከወለሉ ትንሽ ከፍ ይደረጋል። 10 ሳንቲሜትር ከፍ ካለ የዛን 10 ሳንቲሜትር ግፊት አያይም፣ እሱም ውሃ ውስጥ ስለሆነ 1000·9.8·0.1 ማለትም 980 ፓስካል ነው የሚጎድለው። በናፍጣ ዴንሲቲ እንዳታሰላው። በተቃራኒው ጌጁ ከስሌቱ በልጦ ካሳየ መተንፈሻው ተደፍኖ እንደሆነ እይ፣ ላይ የታፈነው አየር ግፊቱን ሙሉ ለሙሉ ወደ ወለሉ ያስተላልፋል።

ሴንሰሩ 2.10 ሜትር ይላል፣ ዘንግ ስንከት ግን 2.00 ነው

ይሄ ለስራ ሰው ነው። ሴንሰሩ የሚለካው ግፊት ነው፣ ሜትር የሚያወጣው በገባለት ዴንሲቲና በg አካፍሎ ነው፣ 840 ብቻ ከገባለት 17248 ለ8232 ሲካፈል 2.095 ይሰጣል። ሴንሰሩ አልተበላሸም፣ ውሃ እንዳለ እየነገረህ ነው፣ እንዲያውም መጠኑን ማውጣት ትችላለህ፣ H በዘንግ የለካኸው ጠቅላላ ከፍታ ሆኖ፦

```
h₂ = (P/g − ρ₁·H) / (ρ₂ − ρ₁)
   = (1760 − 840·2) / 160
   = 0.5 m
```

ግን ብዙ አትተማመንበት። የምታካፍለው በ160 ብቻ ስለሆነ ትንሿ ስህተት ትነፋለች፦ ዘንጉን 1 ሳንቲሜትር አሳንሰህ ብታነብ ውሃው ከ5 ሳንቲሜትር በላይ ይጨምርልሃል፣ ናፍጣው 840 ሆኖ ሳለ 830 ብለህ ብታስገባ ደሞ 50ው ወደ 59 ሳንቲሜትር ይዘላል። ስለዚ ስሌቱ ውሃ አለ ካለህ ውሃ ሲነካው ቀለሙን የሚቀይረውን ቅባት ዘንጉ ጫፍ ላይ ቀብተህ ክተት፣ ቀለሙ የተቀየረበት ቦታ የውሃው ከፍታ ነው። ቦቴ ገና ካራገፈ ግን ትንሽ ጠብቅ፣ የተበጠበጠው ውሃ ሳይዘቅጥ ከለካህ ቅባቱም ከእውነተኛው ያነሰ ነው የሚያሳይህ።