ምስር እየበሉ ደም ማነስ? ጀበናው የሚጣድበትን ሰዓት ይዩ

ምልክቱ

ዐቢይ ጾም ሲጋመስ ጎረቤቴ ደረጃ ስትወጣ ትንፋሽ ያጥራት ጀመር። ከንፈሯም ገረጣ። ተመርምራ ሄሞግሎቢኗ 10.6 ወጣ። ነፍሰ ጡር ላልሆነች ሴት ከ12 በታች ከሆነ ደም ማነስ ነው። «ምስር በየቀኑ እየበላሁ? እንጀራዬ እኮ ጤፍ ነው!» አለች። እውነቷን ነው፤ ሄሞግሎቢን የሚሠራበት ብረት ሳህኑ ላይ አለ። አንጀቷ ግን እየወሰደው አይደለም።

ምክንያቱ

የምግብ ብረት ሁለት ዓይነት ነው። ሥጋ ውስጥ ያለው አንዱ ክፍል ሄም ይባላል። ታሽጎ እንደተላከ ዕቃ ስለሆነ አንጀት እንዳለ ይቀበለዋል፤ ከ15 እስከ 35 በመቶው ይገባል። የምስር፣ የጎመንና የጤፍ ብረት ግን ሄም አይደለም። ከእሱ የሚገባው ከ2 እስከ 20 በመቶ ነው፤ ልዩነቱን በአብዛኛው የሚወስነው አብሮት የሚበላውና የሚጠጣው ነው።

ጎረቤቴ ቤት ገበታው ሳይነሳ ጀበናው ይጣዳል። አቦል፣ ቶና፣ በረካ፤ ምስሩ ገና ሆድ ውስጥ እያለ። የሻይ ታኒንና የቡና ፖሊፌኖል የሚባሉት ንጥረ ነገሮች ብረቱን ጭምድድ አድርገው ይይዙትና ከሰገራ ጋር ይዘውት ይወጣሉ። ሄም ላይ ግን ያን ያህል አቅም የላቸውም። በጾም ወራት ነገሩ የሚብሰው ለዚህ ነው።

በአንድ የ1983 ሙከራ ከምግብ ጋር የተጠጣ ቡና የሚገባውን ብረት በ39 በመቶ ቀነሰው፤ ሻይ ደግሞ በ64 በመቶ። ከምግብ 1 ሰዓት በፊት የተጠጣ ቡና ምንም አልቀነሰም። ከምግብ 1 ሰዓት በኋላ የተጠጣው ግን አብሮ እንደተጠጣ ያህል ጎዳ። «ትንሽ ቆይቼ ነው የምጠጣው» የሚለው ማስተባበያ እዚህ ላይ አይሠራም።

መፍትሄው

ቡናውን ተዉ አልልም፤ እኔም አልተውኩ። ምሳ 7 ሰዓት ከተበላ ቡናው 10 ሰዓት ይፍላ።

ቀጥሎ ቫይታሚን ሲ ነው። ብረቱን አንጀት ወደሚቀበለው መልክ ይቀይረዋል፤ ከታኒንም በከፊል ያስጥለዋል። ግን እዚያው ማዕድ ላይ መገኘት አለበት። ጠዋት የተበላ ብርቱካን ለምሳው ምስር አይደርስለትም። ሙቀትም ያጠፋዋል፤ ቁሌት ውስጥ ሲንተከተክ የቆየ ቲማቲም ብዙ አይታመንም። ስለዚህ ስንግ ቃሪያ! ጥሬ ቃሪያ በቫይታሚን ሲ የበለጸገ ነው፤ ሽንኩርትና ቲማቲም ጠቅጥቆ ከምስሩ ጋር መግመጥ ነው። ሎሚም ከሆነ ወጡ ከእሳት ከወጣ በኋላ ጨመቅ ይደረግበት።

ጎረቤቴ ሌላም ጉድ ነበራት፤ ሐኪም ያዘዘላትን የብረት ኪኒን የምትውጠው በሻይ ነበር። አሁን በሎሚ ውሃ ትውጣለች። ከአንድ ወር በኋላ 11.8 ወጣላት። ኪኒኑ ይሁን ቃሪያው መለየት አይቻልም፤ እኔ ግን አብዛኛውን ለኪኒኑ እሰጣለሁ።

ኪኒኑን በአግባቡ ውጣችሁ በወሩ ሄሞግሎቢናችሁ ወደ 1 ነጥብ ገደማ ካልጨመረ ቡናውን መውቀስ አቁሙና ሐኪማችሁ ጋ ተመለሱ። ደም የሚፈስበት ቦታ ይኖር ይሆናል፦ የበዛ የወር አበባ፣ የጨጓራ ቁስለት፣ ወይም የአንጀት ትል።