√720 ሲቃለል የሚፈጠሩ ስህተቶች፦ ምልክታቸው፣ ምክንያታቸውና መፍትሄያቸው

ይህ ጽሑፍ ሙሉ ስኩዌር ቁጥሮችን (4፣ 9፣ 16፣ 25…) ለሚያውቅና √(a·b) = √a·√b መሆኑን ለተማረ ሰው የቀረበ ነው። የ√720 ትክክለኛ መልስ 12√5 ነው፤ 144 ሙሉ ስኩዌር ሲሆን 720 ደግሞ 144 × 5 ነውና። 144 ወዲያው ለታየው ሰው ሥራው በአንድ እርምጃ ያልቃል። ስህተቱ በብዛት የሚገባው 144 ሳይታይ ቀርቶ ቁጥሩ በትንሽ በትንሹ ሲወጣ ነው።

ምልክት፦ መልሱ 4√180 ሆኗል። 4 ከ√ ምልክት ሥር የወጣው ስኩዌር ሩቱ ሳይወሰድ ነው። ከሥር የሚወጣው 4 ሳይሆን 2 ነው፤ ትክክሉም 2√180 ነው።

ምልክት፦ √720 = √576 + √144 = 24 + 12 = 36 ተብሏል። ስኩዌር ሩት በመደመር ላይ አይከፋፈልም። ቁጥሩ መለየት ያለበት ወደ ብዜት ብቻ ነው።

ምልክት፦ መልሱ 8√5 ወይም 6√5 ሆኗል። ከሁሉም በላይ ደጋግሜ ያረምኩት ስህተት ይህ ነው፤ የሚሳሳቱትም ብዙ ጊዜ ዘዴውን በሚገባ የተረዱ ተማሪዎች ናቸው። ተማሪው 720ን 4 × 180 ብሎ ይለይና 2√180 ያገኛል። ከዚያ 180 ራሱ 36 × 5 መሆኑን አይቶ 6ን ያወጣል። እስከዚህ ድረስ አንድም ጥፋት የለም። ጥፋቱ የሚመጣው ውጭ የቆየው 2 አዲስ ከወጣው 6 ጋር ሲገናኝ ነው፤ አንዱ ይደምራቸውና 8√5 ይጽፋል፣ ሌላው ደግሞ 2ን ፈጽሞ ረስቶ 6√5 ይጽፋል። 2√180 ማለት 2 ሲባዛ በ√180 ስለሆነ፣ ከ√180 ውስጥ የሚወጣ ማንኛውም ቁጥር ከ2 ጋር መባዛት አለበት።

አንዲት ተማሪ ተመሳሳይ ጥያቄዎችን በተከታታይ ስታበላሽ የረቂቅ ወረቀቷን አስመጣኋት። √180 = 6√5 የሚለውን በወረቀቱ ጥግ ለብቻው በትክክል ሠርታዋለች፤ 2 ግን ከላይ በሌላ መስመር ቀርቷል። የጎደላት እውቀት ሳይሆን የአጻጻፍ ሥርዓት ነበር። ከዚያ በኋላ ሁሉንም በአንድ መስመር እንድትጽፍ አደረግኩ፦

√720 = √4 · √180 = 2 · √36 · √5 = 2 · 6 · √5 = 12√5

የማባዣውን ነጥብ በእያንዳንዱ ቦታ ማስቀመጥ ግዴታ ነው። ነጥቡ ሲቀር 2 እና 6 ጎን ለጎን የቆሙ ባዶ ቁጥሮች ይሆናሉ፤ እጅም ወደ መደመር ይሄዳል። እባካችሁ ይህን እርምጃ በአእምሮ ብቻ አትሥሩት።

ስህተቱን ለማግኘት ደግሞ የውጭውን ቁጥር በራሱ አባዝቶ ከሥር ካለው ጋር ማባዛት ይበቃል። 12 × 12 × 5 በትክክል 720 ይሰጣል። 6√5 ሲፈተሽ 36 × 5 = 180 ይወጣል፤ 720 ለ180 ሲካፈል 4 መሆኑም የጠፋው የ4 ስኩዌር ሩት፣ ማለትም 2 መሆኑን ያሳያል። 8√5 ሲፈተሽ ግን 320 ይወጣል፤ 720 ደግሞ ለ320 ያለ ቀሪ አይካፈልም። እንዲህ ያለ ውጤት ስታዩ በመጀመሪያ የተደመረ ነገር ፈልጉ።

ምልክት፦ መልሱ 4√45 ላይ ቆሟል። ይህ ከላይ ባለው ፍተሻ አይያዝም፤ 16 × 45 በእርግጥ 720 ነውና። እኩልነቱ ትክክል ነው፣ ማቃለሉ ግን አልተጠናቀቀም፤ 45 ውስጥ 9 አለ። ጉዳቱ የሚታየው √720 + √20 ሲጠየቅ ነው። 4√45 ላይ የቆመ ሰው 4√45 + 2√5 ያገኝና አይደመሩም ብሎ ይተወዋል፤ እስከ መጨረሻ ያቃለለ ግን 12√5 + 2√5 = 14√5 ይጽፋል።

መፍትሄው ከሥር የቀረውን ቁጥር ለ4፣ ለ9፣ ለ25፣ ለ49፣ ለ121 እያሉ መፈተን ነው፤ እነዚህ የ2፣ የ3፣ የ5፣ የ7 እና የ11 ስኩዌሮች ናቸው። ለ16 ወይም ለ36 መፈተን አያስፈልግም፤ ለእነርሱ የሚካፈል ቁጥር ሁሉ ለ4 ይካፈላልና። ፈተናው የሚቆመው ስኩዌሩ ከቀረው ቁጥር ሲበልጥ ነው፤ 5 ከ4 በላይ ምንም የሚፈተንበት ስለሌለ 12√5 አልቋል። ብዙዎች ግን 4ን እና 9ን ብቻ ሞክረው ያቆማሉ። 147 ለሁለቱም ስለማይካፈል √147 እንዳለ ሲተው በተደጋጋሚ አይቻለሁ፤ 147 ግን 49 × 3 በመሆኑ መልሱ 7√3 ነው።