sin x > 1/2 ተፈትቶ «x > 30°» የሚል መልስ ሲወጣ

በድሬዳዋ ተማሪዎችን ሳስጠና ከሁሉ አብልጬ ያረምኩት ስሕተት ይህ ነው። ምልክቱ በቀላሉ ይታያል፤ መልሱ መነሻ አለው፣ ማብቂያ ግን የለውም። 200° ከ30° ይበልጣል፤ ሳይኑ ግን −0.34 ገደማ ስለሆነ ከግማሽ በላይ ሊሆን አይችልም።

የስሕተቱ ምንጭ ሳይንን እንደ ተራ ማባዣ ቆጥሮ ከግራው ወገን ወደ ቀኝ ማሻገር ነው። ካልኩሌተሩም 30 የሚል አንድ ማዕዘን ብቻ ስለሚሰጥ ተማሪው ሁለተኛውን ሳይፈልግ ይቀራል።

መፍትሔው ሥዕል ነው። ራዲየሱ 1 የሆነ ክብ ይሳሉ። የአንድ ማዕዘን ሳይን፣ ክቡ ላይ ያለው ነጥብ ከአግድሙ ዘንግ ያለው ከፍታ ስለሆነ፣ ጥያቄው «ከግማሽ በላይ ከፍ ያሉት ነጥቦች የትኞቹ ናቸው?» ወደሚል ይለወጣል። በ1/2 ከፍታ ላይ አግድም መስመር ሲሰመር ክቡን በ30° እና በ150° ይቆርጠዋል፤ መልሱ ከመስመሩ በላይ የቀረው ቅስት ነው።

አንዲት የከዚራ ተማሪ ሁለቱን ማዕዘኖች በትክክል አግኝታ «x > 30° እና x > 150°» ብላ ጻፈች። ሙቀቱ በረድ ባለበት ምሽት በረንዳቸው ላይ ተቀምጠን፣ የእርሳሷን ጫፍ 0° ላይ አሳርፋ ከሰዓት አቅጣጫ በተቃራኒ በዝግታ እንድትነዳውና ከመስመሩ «በታች» ወይም «በላይ» እያለች እንድትናገር አደረግሁ። 30° ላይ «በላይ» አለች፣ 90° ላይ ጫፍ ደረሰች፣ 150°ን ስታልፍ «በታች» ብላ እጇን አቆመችና ሁለተኛውን ምልክት ራሷ አጥፍታ 30° < x < 150° ብላ ጻፈች። ክቡ በየዙሩ ስለሚደገም ሙሉው መልስ የሚከተለው ነው፤ n ማንኛውም ሙሉ ቁጥር ነው።

```
30° + 360°n < x < 150° + 360°n
```

ምልክቱ ወደ sin x < 1/2 ሲዞር ሌላ ስሕተት ይመጣል፤ ብዙዎች «150° < x < 30°» ይጽፋሉ። ከ150 በልጦ ከ30 የሚያንስ ቁጥር ስለሌለ ይህ መልስ ባዶ ነው። የታችኛው ቅስት 0°ን አቋርጦ ወደሚቀጥለው ዙር ስለሚገባ ማብቂያው 30 + 360፣ ማለትም 390° ነው፤ ትክክለኛው 150° < x < 390° ሲሆን 360°n በሁለቱም ጫፍ ይጨመርበታል።

እጅግ የሚያሳዝነኝ፣ በሥዕሉ ጥሩ ከሠሩ በኋላ በ sin 2x > 1/2 ላይ የሚወድቁት ናቸው። 30ን እና 150ን ለ2 ያካፍሉና 360°nን ሳይነኩ ይተዉታል። እሱም መካፈል አለበት።

```
15° + 180°n < x < 75° + 180°n
```

በ225° ይፈትኑት፤ ሳይን 450° = 1 ነው፣ ስለዚህ መልሱ ውስጥ መግባት አለበት፤ 360°nን ሳያካፍል የተወ ሰው ግን ያጣዋል።

ኮሳይን ከሆነ መስመሩ ቁም ይሆናል። ካልኩሌተሩ ለ sin 30 −0.988 ካሳየ ራዲያን ላይ ነው፤ ወደ ዲግሪ ይመልሱት።