ጋዙን በመርፌ አታስወጡት፦ በኢፊዩዥን ሞላር ማስ ስንለካ የምንሠራቸው ስህተቶች

አዳማ ውስጥ ኬሚስትሪ አስተምራለሁ። በየዓመቱ ተማሪዎቼን አንድ የማያውቁት ጋዝ ሰጥቼ «ሞላር ማሱን ፈልጉ» እላቸዋለሁ። የምንለካው በኢፊዩዥን፣ ማለትም ጋዙ በጠባብ ቀዳዳ ሲወጣ በሚፈጀው ጊዜ ነው። ዕቃው ቀላል ነው። አንድ ባለ 100 ሚሊ ሊትር የመስታወት ሲሪንጅ አፉን ወደ ታች አድርገን ቀጥ አድርገን እናስረዋለን። አፉ ላይ በእስፒል ጫፍ የተበሳ ስስ የአሉሚኒየም ፎይል እናጣብቃለን። ፒስተኑ በራሱ ክብደት እየወረደ ጋዙን በቀዳዳዋ ይገፋዋል። እኛ ከ80 እስከ 30 ሚሊ ሊትር ለመውረድ የፈጀበትን ጊዜ እንይዛለን። መጀመሪያ በአየር፣ ቀጥሎ በማናውቀው ጋዝ።

የአንድ ቡድን ውጤት ይኸውና። አየር 42.0 ሰከንድ፣ ያልታወቀው ጋዝ 51.5 ሰከንድ። የአየር አማካይ ሞላር ማስ 29 ነው። ስለዚህ፦

```
Mx = 29 × (51.5 / 42.0)² = 43.6
```

ጋዙ ከቤኪንግ ሶዳና ከአቼቶ ያወጣነው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነበር፤ 44 ማለት ነው። ጥሩ ውጤት ነው።

ስኩዌር ማድረግ የረሳ ግን 35.6 ያገኛል። ይህ ቁጥር ለሃይድሮጅን ክሎራይድ 36.5 ስለሚቀርብ ተማሪው ደስ ብሎት ይጽፈዋል። ሬሾውን የገለበጠ ደግሞ 19.3 ያገኛል። የግራሃም ሕግ የሚናገረው ስለ ፍጥነት ነው፦ ጋዝ ከቀዳዳ የሚወጣበት ፍጥነት ከሞላር ማሱ ስኩዌር ሩት ጋር ተገላቢጦሽ ነው ይላል፤ ስቶፕዎች የሚሰጠን ግን ጊዜ ነው። ፍጥነትና ጊዜ ተገላቢጦሽ ናቸው። ቀመሩን ከመንካታችሁ በፊት አንድ ነገር ብቻ ጠይቁ፦ ከአየር ዘገየ ወይስ ቀደመ? የዘገየ ከ29 በላይ መሆን አለበት።

አሁን ዋናው ጉዳዬ ላይ ልምጣ። ፎይል መብሳት ጣጣ ነው። ቀዳዳው ይሰፋል፣ ፎይሉ ይቀደዳል፣ ዙሪያው ያስተነፍሳል። ስለዚህ ሁሌም አንድ ሰው ይነሳና «ለምን ቀጭን የመርፌ ጫፍ አንሰካበትም? እሱም እኮ ቀዳዳ ነው» ይላል። እኔም ጀማሪ ሳለሁ ይህንኑ አድርጌያለሁ። የሆነውን ልንገራችሁ።

መርፌው ጋዙን በጣም በዝግታ ስለሚያሳልፍ 20 ሚሊ ሊትር ብቻ ለካን። አየር 180 ሰከንድ ፈጀ። ካርቦን ዳይኦክሳይዱ 147 ሰከንድ። የመጀመሪያው ቡድን ሬሾውን ገልብጦ አየርን ከላይ ጻፈና 43.5 አገኘ። «ጎበዞች» ብዬ ራይት ሰጠኋቸው። ሁለተኛው ቡድን በትክክለኛው ቀመር ሠርቶ 19.3 አመጣ። «ገልብጣችሁታል፣ አስተካክሉት» አልኳቸው። ከኋላ አንዲት ልጅ እጇን አወጣች። «ቲቸር፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከአየር ይከብዳል ብለውናል። ታዲያ እንዴት ቀድሞ ወጣ?»

መልስ አልነበረኝም። ልጅቷ ትክክል ነበረች፤ ሁለተኛው ቡድንም ትክክል ነበር። የተሳሳተው መርፌው ነው፤ መርፌውን የመረጥኩት ደግሞ እኔ ነኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ስስ ፎይል ላይ ያለ ቀዳዳ ርዝመት የለውም ማለት ይቻላል። ጋዙ ዘሎ ይወጣል፤ የሚያዘገየው የራሱ ክብደት ነው። መርፌ ግን ረጅም ቱቦ ነው። በቱቦ ውስጥ ጋዙ ከግድግዳው ጋር እየተፋተገ ነው የሚሄደው። እዚያ ላይ ፍጥነቱን የሚወስነው ቪስኮሲቲው፣ ማለትም በውስጡ ያለው ፍትጊያ ነው። የካርቦን ዳይኦክሳይድ ቪስኮሲቲ ደግሞ ከአየር ያንሳል። በ20 ዲግሪ አየር 18 ማይክሮ ፓስካል ሰከንድ ገደማ ሲሆን ካርቦን ዳይኦክሳይድ 15 አይሞላም። ስለዚህ ከባዱ ጋዝ በመርፌ ቀድሞ ይወጣል። ቶማስ ግራሃም ራሱ በ19ኛው ክፍለ ዘመን በስስ ቀዳዳ መውጣትንና በቀጭን ቱቦ ማለፍን ለይቶ ነው ያጠናቸው።

ክፉው ነገር ግጥምጥሞሹ ነው። የሁለቱ ቪስኮሲቲ ሬሾ 1.23 አካባቢ ነው። የ44 እና የ29 ሬሾ ስኩዌር ሩትም 1.23 ነው። ስለዚህ መርፌና የተገለበጠ ቀመር ሲገናኙ ትክክለኛውን 44 ይሰጣሉ። አንዱ ስህተት ሌላውን ይሸፍነዋል። በካርቦን ዳይኦክሳይድ ብቻ የሚሠራ መምህር ይህን ዓመታት ሳያውቀው ሊኖር ይችላል።

መፈተኛው ሁለተኛ የምታውቁት ጋዝ ነው። የልደት ፊኛ የሚሞሉ ሰዎች ጋ ሂሊየም ካገኛችሁ ይበቃል። አየር 42 ሰከንድ በፈጀበት ፎይል ሂሊየም 16 ሰከንድ ገደማ ይፈጃል። በመርፌ ከሆነ ግን ሂሊየም ከአየር ጋር እኩል ይጓዛል፤ እንዲያውም ትንሽ ይዘገያል። ይህን ካያችሁ መርፌውን ንቀሉት።

አንድ ነገር ልጨምር። የእኛ የእስፒል ቀዳዳ በጥብቅ ትርጉሙ ኢፊዩዥን የሚካሄድበት አይደለም። ለእውነተኛው ኢፊዩዥን ቀዳዳው አንድ ሞለኪውል ሌላውን ሳይገጭ ከሚጓዘው ርቀት ማነስ አለበት። የእኛው ከዚያ ርቀት ከሁለት ሺህ ጊዜ በላይ ይሰፋል። ቢሆንም ከስስ ቀዳዳ በግፊት የሚወጣ ጋዝ ፍጥነቱ ከእፍጋቱ ስኩዌር ሩት ጋር ተገላቢጦሽ ስለሆነ ሬሾው ያው ይወጣል። ይህ የሚሆነው ግን ፎይሉ ስስ እስከሆነ ድረስ ነው። ፎይሉን ደርባችሁ ከበሳችሁት ወደ መርፌው እየተጠጋችሁ ነው።

ሌሎቹን ቶሎ ቶሎ ልበል።

ሲሪንጁን በጋዙ ሁለት ጊዜ ሞልታችሁ ድፉ፣ ከዚያ ለኩ። ከጠርሙሱ መጀመሪያ የሚወጣው የጠርሙሱ አየር ነው። ከ80 ሚሊ ሊትሩ 16ቱ አየር ከሆነ 44 ሳይሆን 41 ታገኛላችሁ።

ጋዙን አድርቁት። በካልሲየም ክሎራይድ ላይ አሳልፉት። አዳማ ከፍታው ወደ 1,700 ሜትር ስለሚጠጋ የአየር ግፊቱ ዝቅ ያለ ነው፤ 83 ኪሎ ፓስካል ገደማ። በ25 ዲግሪ በውሃ እንፋሎት የጠገበ ጋዝ ውስጥ እንፋሎቱ 3.2 ኪሎ ፓስካል ይይዛል። ያ ብቻውን 44ን ወደ 43 ያወርደዋል።

አየሩን ጠዋት፣ ጋዙን ከሰዓት አትለኩ። ጠዋት 20 ዲግሪ የነበረው ክፍል ከሰዓት 30 ከደረሰ ውጤታችሁ በ3 በመቶ ይቀንሳል። አየር፣ ጋዝ፣ እንደገና አየር፤ በተከታታይ፣ በአንድ ቀዳዳ። የመጨረሻው የአየር ጊዜ ከመጀመሪያው ከራቀ ቀዳዳው ተለውጧል።

የስቶፕዎች ስህተትን አትናቁ፤ ስኩዌር ስናደርግ እጥፍ ይሆናል። ጋዙ ላይ ግማሽ ሰከንድ ብትዘገዩና አየሩ ላይ ግማሽ ሰከንድ ብትቀድሙ 43.6 የነበረው 45.5 ይሆናል። ስለዚህ ሦስት ሦስት ጊዜ ለኩና አማካዩን ውሰዱ። «43.6» ብላችሁም አትማሉ፤ «44፣ ሁለት ከፍ ወይም ዝቅ ቢል» በሉ።

በመጨረሻ፣ 44 ስላገኛችሁ ብቻ «ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው» ብላችሁ አትጻፉ። ናይትረስ ኦክሳይድም 44 ነው፣ ፕሮፔንም 44 ነው። ሲሪንጁ ውስጥ የቀረውን 30 ሚሊ ሊትር አትድፉት። በጎማ ቱቦ ወደ ኖራ ውሃ ቀስ ብላችሁ ግፉት። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከሆነ ውሃው ወተት ይመስላል። ሌሎቹ ሁለቱ እንደጠራ ይተዉታል።