ጎፈሬው ባርኔጣ እንዳይመስል

ድሬዳዋ፣ ከዚራ አካባቢ፣ ስቱዲዮ ውስጥ ነጭ ጨርቅ ፊት የቆመች ሙሽራ አነሳሁ። ጎፈሬዋ በደንብ ተበጥሯል። ቤተሰቡ ግን አመሻሽ ላይ ሐረር፣ ጀጎል ግንብ ፊት እንድትታይ ፈለገ። ፎቶሾፕ ላይ ፀጉርን በቻናል ከጀርባው ቆርጦ ሌላ ጀርባ ላይ የማስቀመጥ ሥራ የሚበላሸው በአብዛኛው በሦስት ስህተቶች ነው።

ቻናሉን ሳያዩ መምረጥ

Channels ውስጥ ገብታችሁ Red፣ Green እና Blueን አንድ በአንድ ክፈቱ። ፀጉሩና ጀርባው በጣም የሚራራቁበትን ፈልጉ። ጥቁር ፀጉር ጫፉ ላይ ብርሃን ሲያልፍበት ቡናማ ይሆናል። ቡናማ ውስጥ ሰማያዊ ብርሃን ጥቂት ስለሆነ Blue ላይ ጠቆር ብሎ ይወጣል። የሙሽራዋንም የሠራሁት በእሱ ነው። ሁሌ Blue ነው ብላችሁ ግን አትያዙ። ሐረር ማታ በባትሪ ብርሃን የተነሳ ጅብ ብትቆርጡ ፀጉሩ ደማቅ፣ ጀርባው ጨለማ ነው። ብርሃኑ ቢጫማ ከሆነ Red ይሻላል።

የመረጣችሁትን ቻናል ኮፒ አድርጋችሁ ኮፒው ላይ ሥሩ። ዋናውን ከነካችሁ የፎቶው ቀለም ይበላሻል።

ግራጫውን መግደል

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። ኮፒው መጨረሻ ላይ ማስክ ይሆናል፤ ማስክ ላይ ነጭ ያሳያል፣ ጥቁር ይደብቃል፣ ግራጫ በከፊል ያሳያል። የፀጉር ጫፍ ብዙ ጊዜ ከአንድ ፒክስል ይቀጥናል። ስለዚህ ግራጫ ሆኖ መቅረት አለበት።

የሙሽራዋን ኮፒ በCtrl+I ገለበጥኩት፤ ፀጉሩ ነጣ፣ ጨርቁ ጠቆረ። ከዚያ Ctrl+L ስንል Levels ይመጣል። የዳርና የዳሩን ሦስት ማዕዘን ወደ መሃል አጥብቃችሁ ከገፋችሁ ግራጫው ያልቃል። ጎፈሬው በመቀስ የተከረከመ ባርኔጣ ይሆናል። 100% አድርጋችሁ እዩት፤ አንዷ ዘለላ ወደ ነጠብጣብ ከተቆራረጠች አብዝታችኋል ማለት ነው።

እኔ ጨርቁ ሊጠቁር ትንሽ ሲቀረው አቆማለሁ። የቀረውን ብራሹን Overlay ላይ አድርጌ፣ Opacity 20% አካባቢ፣ ጀርባውን በጥቁር፣ የጎፈሬውን ውስጥ በነጭ እነካካለሁ። Overlay ንጹህ ነጭና ንጹህ ጥቁርን አይለውጥም፣ ለዚህ ነው የምወደው። ጫፎቹን አልነካም። ፊቷንና ቀሚሷን በተለመደው ብራሽ ድፍን ነጭ እቀባለሁ።

ሲያልቅ Ctrl ይዛችሁ የኮፒውን ትንሽ ምስል ተጫኑ፣ RGB ላይ ተመለሱ፣ ሌየሩን መርጣችሁ Add Layer Mask በሉ።

ነጩን ጠርዝ በማስክ ለማጥፋት መታገል

ሙሽራዋን ምሽቱ ላይ ሳስቀምጣት ጫፎቹ አመድ የነካቸው መሰሉ። ማስኩ አልተሳሳተም። ግማሽ የሚታየው ፒክስል የጨርቁን ነጭ ይዞ ስለመጣ ነው። ማስኩን ብታጠቡት ነጩ ከነዘለላው ይሄዳል።

ከላይ አዲስ ሌየር ክፈቱና በAlt+Ctrl+G ከሙሽራዋ ጋር እሰሩት። ከጎፈሬዋ ውስጥ ቀለም ውሰዱ፣ በለስላሳ ብራሽ ጫፎቹን ብቻ ቅቡ። የዘለላውን ቅርጽ ማስኩ ስለያዘው ድፍን ቀለም እንኳ ብትቀቡ አይጠፋም። ፀሐይዋ በምትጠልቅበት በኩል ቀለሙን ወደ ቀላማ ቡናማ አደረግኩት፤ በሌላው በኩል እንደጠቆረ ተውኩት።