የሽያጭ መቶኛ ወይስ ዓላማና ተግባር? የፕሮሞሽን በጀት ጥያቄ ላይ ማርክ የሚያስቀንሱ ስህተቶች

በማርኬቲንግ ፈተና ላይ ሁለቱን የፕሮሞሽን በጀት አወሳሰን ዘዴዎች፣ ማለትም ፐርሰንቴጅ ኦፍ ሴልስን (የሽያጭ መቶኛ) እና ኦብጀክቲቭ ኤንድ ታስክን (ዓላማና ተግባር)፣ አወዳድሩ የሚል ጥያቄ ሲመጣ አብዛኛው ተማሪ ትርጉማቸውን ያውቃል። ማርክ የሚጎድለው ከዚያ በኋላ ባለው ላይ ነው። ስህተቶቹን በአንድ ጥያቄ ላይ እያየን እንሂድ፦

«አንድ የዱቄት ሳሙና አምራች ካቻምና 60 ሚሊዮን ብር፣ አምና ደግሞ 40 ሚሊዮን ብር ሸጧል። የፕሮሞሽን በጀቱን የሚመድበው ያለፈውን ዓመት ሽያጭ 2 በመቶ በመያዝ ነው። ዘንድሮ 80,000 ቤተሰቦች በሚኖሩባት ከተማ 6,000 ቋሚ ደንበኛ ቤተሰቦችን ማግኘት ይፈልጋል። ሁለቱን ዘዴዎች አወዳድሩና የሚሻለውን ምከሩ።»

ሁለት ትርጉም ጽፎ «አወዳደርኩ» ማለት

በጣም የተለመደው ይህ ነው። ተፈታኙ አንድ አንቀጽ ስለ ሽያጭ መቶኛ፣ አንድ አንቀጽ ስለ ዓላማና ተግባር ይጽፍና ማወዳደሩን ለአራሚው ይተወዋል። ማወዳደር ማለት ሁለቱን ዘዴዎች በአንድ ዓይነት ጥያቄ መፈተን ነው። ሦስት ጥያቄ ይበቃል፦ ስሌቱ ከምን ይነሳል? ምን መረጃ ይጠይቃል? ሽያጭ ሲወርድ በጀቱ ምን ይሆናል?

ልዩነቱ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይታያል። «የሽያጭ መቶኛ ቀላል ነው፤ ዓላማና ተግባር ከባድ ነው» ያለ ተማሪ ምንም አልነገረንም። «የሽያጭ መቶኛ የሚፈልገው ሒሳብ ክፍሉ እጅ ያለ አንድ ቁጥር ብቻ ስለሆነ በደቂቃ ያልቃል፤ ዓላማና ተግባር ግን ስንት ሰው ምርቱን እንደሚያውቅ፣ ካወቁት ስንቱ እንደሚሞክሩት እና የየሥራውን ዋጋ ስለሚጠይቅ የገበያ ጥናት የሌለው ድርጅት ይቸገርበታል» ያለው ግን በአንድ መስፈርት ሁለቱንም መዝኗል፣ ምክንያቱንም ሰጥቷል።

የሽያጭ መቶኛን ችግር ሳያስረዱ ማውገዝ

«ሳይንሳዊ አይደለም» የሚል መልስ ብዙ ጊዜ ይገኛል። ለምን እንዳልሆነ ካልተጻፈ ግን ማርክ የለውም። የዘዴው ዋና እንከን የምክንያትና የውጤት ቦታ መገላበጡ ነው። ፕሮሞሽን የሚሠራው ሽያጭ እንዲመጣ ነው፤ ዘዴው ግን ሽያጩ ከመጣ በኋላ ከእሱ ላይ ቀንሶ ለፕሮሞሽን ይሰጣል።

በምሳሌያችን ካቻምና በነበረው 60 ሚሊዮን ሽያጭ የተመደበው 1,200,000 ብር ነበር። ሽያጩ ወደ 40 ሚሊዮን ሲወርድ የዘንድሮው በጀት 800,000 ብር ይሆናል። ገበያው በሸሸ ጊዜ፣ ደንበኛ መጥራት በሚያስፈልግበት ሰዓት፣ ድምፁ 400,000 ብር ያህል ዝቅ አለ ማለት ነው። ሽያጩ የወረደው ሰው ምርቱን ስለረሳው ከሆነ በጀቱን መቀነስ ውድቀቱን ያባብሳል፤ የሚቀጥለው ዓመት 2 በመቶም ከዚህ ያንሳል።

ሌላው የሚዘለል ነገር «የትኛው ሽያጭ?» የሚለው ነው። ያለፈ ዓመት ሽያጭ ሊሆን ይችላል፣ ለሚመጣው ዓመት የተተነበየም ሊሆን ይችላል። ትንበያን መያዝ ካለፈው ዓመት ጥገኝነት ያላቅቃል፤ ግን ትንበያው ራሱ ምን ያህል ፕሮሞሽን እንደሚኖር ሳይታወቅ እንዴት ተሠራ የሚል ጥያቄ ያመጣል። ይህን በአንድ መስመር የጠቀሰ ተማሪ ካልጠቀሰው ይለያል።

በእኛ አገር ሁኔታ የዋጋ ንረትም ይጨመርበታል። አንድ ኪሎ ሳሙና በ100 ብር ሲሸጥ 400,000 ኪሎ ተሸጦ 40 ሚሊዮን ብር ገባ እንበል። በሚቀጥለው ዓመት ዋጋው 130 ብር ሆነና 340,000 ኪሎ ብቻ ተሸጠ። ገቢው 44.2 ሚሊዮን ነው፤ 2 በመቶው ደግሞ 884,000 ብር። በጀቱ አደገ፣ ወረቀቱ ላይ ሁሉም ነገር ደህና ይመስላል፤ የተሸጠው ሳሙና ግን በ15 በመቶ ቀንሷል። መቶኛው የሚቆጥረው ብር እንጂ ኪሎ ስላልሆነ ደንበኛ መሸሹን ይሸፍነዋል።

ለሚዛኑ ጥንካሬውም ይጻፍ። ወጪው ከገቢው ጋር ስለሚሄድ ድርጅቱ ከአቅሙ በላይ አይወጣም፣ ለፋይናንስ ክፍል ለማስረዳትም አይከብድም። ገበያው ለተረጋጋና ዓመት ከዓመት ብዙ ለማይዋዥቅ ምርት ክፉ አይደለም። መቶኛው 2 ለምን ሆነ፣ ለምን 3 አልሆነም ለሚለው ግን ዘዴው መልስ የለውም፤ ብዙ ጊዜ መልሱ «ድሮም እንዲህ ነበር» ነው።

«ሽያጭ ማሳደግ» ዓላማ አይደለም

እዚህ ላይ ነው ብዙ ማርክ የሚፈሰው። የዓላማና ተግባር ዘዴ ሦስት እርምጃ አለው፦ ዓላማውን በቁጥር ማስቀመጥ፣ ዓላማው የሚጠይቃቸውን ሥራዎች መለየት፣ ከዚያ የሥራዎቹን ዋጋ መደመር። ተማሪው ሦስቱን ይሸመድድና ዓላማው ላይ «ሽያጭን ማሳደግ» ብሎ ይጽፋል። ከዚህ ዓረፍተ ነገር ስንት የሬዲዮ ማስታወቂያ እንደሚያስፈልግ ማንም ማውጣት አይችልም።

ጥያቄው 6,000 ቋሚ ቤተሰብ ብሎናል፤ ከዚያ ወደ ኋላ እንቁጠር። ከሞከሩት 30 በመቶው ቋሚ ደንበኛ ይሆናሉ ብለን ብንገምት 20,000 ቤተሰብ መሞከር አለበት። ምርቱን ካወቁት 40 በመቶው ይሞክሩታል ካልን ደግሞ 50,000 ቤተሰብ ማወቅ አለበት። አሁን ሥራው ራሱ ይመጣል፦

- 50,000ው እንዲያውቁ፦ ለ60 ቀን፣ በቀን 4 ጊዜ የሬዲዮ ማስታወቂያ። 240 ጊዜ በ2,000 ብር፣ 480,000 ብር።
- 20,000ው እንዲሞክሩ፦ 25,000 የናሙና ከረጢት በ12 ብር፣ 300,000 ብር። ከ20,000 የበለጠው ናሙና የተቀበለ ሁሉ ስለማይሞክር ነው።
- ሱቅ ላይ እንዲታይ፦ ለ400 ሱቅ ፖስተር በ250 ብር፣ 100,000 ብር።
- ከዘመቻው በፊትና በኋላ የሚደረግ ጥናት፦ 120,000 ብር።

ድምሩ 1,000,000 ብር ነው። ጥናቱን በዝርዝሩ ውስጥ የሚያስገባ ተማሪ ጥቂት ነው፤ ያለ እሱ ግን 30 እና 40 በመቶ የተባሉት ግምቶች ትክክል መሆናቸውን የሚያውቅ አይኖርም፣ በሚቀጥለው ዓመትም እንደገና በግምት ይሠራል።

እዚህ ጋር አንድ ማስጠንቀቂያ። ጥያቄው ስለ ቢራ ከሆነ የሬዲዮና የቴሌቪዥን ማስታወቂያ ተግባር ብላችሁ እንዳትጽፉ። በ2011 ዓ.ም የወጣው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 የአልኮል መጠጥ በብሮድካስት እንዳይተዋወቅ ከልክሏል። የሽያጭ መቶኛ ገንዘቡን ይሰጣል እንጂ የት ይውላል ስለማይል ይህን አያጋልጥም፤ ዓላማና ተግባር ግን ሥራውን ሲዘረዝሩ ወዲያው ያጋልጣል። ይህም ራሱ የማወዳደሪያ ነጥብ ነው።

ዓላማና ተግባርን እንከን የለሽ ማድረግ

መጽሐፍ «ምርጡ ዘዴ» ስላለው ተማሪው ድክመቱን ይረሳል። ሰንሰለቱ የተሠራው በግምት ነው፤ አንዱ ቀለበት ቢዘም ሁሉም ይዘማል። ስለዚህ ድምሩን ካወጣችሁ በኋላ ያዋጣል ወይ ብላችሁ ፈትሹ። አንድ ቋሚ ቤተሰብ በወር 25 ብር፣ በዓመት 300 ብር ትርፍ (የማምረቻና የማከፋፈያ ወጪ ተቀንሶ) ቢያስገኝ 6,000ው 1,800,000 ብር ያመጣሉ፤ አንድ ሚሊዮኑ ተመለሰ ማለት ነው። ግን ከሞከሩት ቋሚ የሚሆኑት 30 ሳይሆን 15 በመቶ ቢሆኑስ? 3,000 ቤተሰብ፣ 900,000 ብር፤ ድርጅቱ በዓመቱ ኪሳራ ላይ ነው። ወጪው የሚመለሰው ከ17 በመቶ ግድም ጀምሮ ነው። ይህን አንድ ቁጥር መልሱ ላይ ማስቀመጥ ከአንድ ገጽ ወሬ ይበልጣል።

ሁለተኛው ድክመት ዘዴው ብር መኖሩን አለመጠየቁ ነው። ካዝናው ውስጥ ያለው 800,000 ብቻ ቢሆንስ? ብዙዎች «ከሁሉም ላይ 20 በመቶ ይቀነስ» ብለው ዓላማውን እንዳለ ይተዉታል። ስህተት ነው፤ ሥራው ከተቀነሰ ዓላማውም መውረድ አለበት። ሬዲዮው በቀን 3 ጊዜ ይሁን (360,000)፣ ናሙናው 20,000 ይሁን (240,000)፣ ሱቁ 320 ይሁን (80,000)፣ ጥናቱ ሳይነካ ይቆይ (120,000)። ድምሩ 800,000 ይመጣል፤ የሚሞክሩት ወደ 16,000፣ ቋሚው ወደ 4,800 ይወርዳል። አለቃው ይህን አይቶ ወይ ብር ይጨምራል ወይ 4,800ን ይቀበላል።

ያልተጠየቁትን ዘዴዎች መደርደር

የአቅምን ያህል መመደብና ተፎካካሪ በሚያወጣው ልክ ማውጣት ሌሎቹ ሁለት ዘዴዎች ናቸው። ጥያቄው ሁለት ብቻ ከጠቀሰ ለእነዚህ ከአንድ መስመር በላይ አትስጡ።

ሳይወስኑ መጨረስ

«ሁለቱም ጥቅምና ጉዳት አላቸው፤ እንደ ሁኔታው ይወሰናል» የሚለው መልስ «ምከሩ» ለሚለው ትእዛዝ መልስ አይደለም። ሁኔታው እኮ ጥያቄው ላይ ተጽፏል፦ ሽያጩ ወርዷል፣ ዓላማው በቁጥር ተቀምጧል። ስለዚህ የሚመከረው ዓላማና ተግባር ነው፤ የሽያጭ መቶኛው 800,000 ደግሞ እንደ ማመሳከሪያ ይያዛል። የምክሩ ዓረፍተ ነገር እንዲህ ሊሆን ይችላል፦ «ድርጅቱ 1,000,000 ብር ይመድብ፤ ከለመደው በላይ ያለው 200,000 ብር ተጨማሪ 1,200 ቋሚ ቤተሰቦችን፣ በዓመት 360,000 ብር ትርፍ ያስገኛል ተብሎ ይጠበቃል፤ ከሁለት ወር በኋላ በሚደረገው ጥናት ከሞከሩት ቋሚ የሆኑት ከ17 በመቶ በታች ከሆኑ ዘመቻው አይደገም።»